የሠርግ ፎቶ ካርቱን ስታሠሩ ለሠዓሊው ምን ትጽፉለታላችሁ?

ከሠርግ ፎቶ ካርቱን ልታሠሩ ከሆነ ፎቶውን ብቻ ልካችሁ ዝም አትበሉ። ሜካፕ አለ፣ ስቱዲዮው ደግሞ ፊቱን አለስልሶታል፤ ሠዓሊው ያየውን ስለሆነ የሚሥለው የሚወጣው የማንም ሙሽራ መልክ ነው። እኔ እዚህ ጅማ ላገባችው እህቴ ሳሠራ የጻፍኩት ይኸው፦

«ሰላም ወንድሜ፣ ዋናው ፎቶ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የተነሡት ነው። አቋቋማቸውንና ልብሳቸውን ከሱ ውሰድ፤ ፊታቸውን ግን ከሌሎቹ፣ ያለ ሜካፕ ከተነሡት። እህቴ ስትስቅ ዓይኗ ይጠባል፣ በራሷ ግራ በኩል ያለው ጉንጯ ብቻ ይሰረጉዳል፤ እሱን አጋንነው። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ እንዳትደፍነው። ባሏ በጣም ይረዝማታል፤ እኩል የመሰሉት እሷ ደረጃ ላይ ስለቆመች ነው። ጆሮውን ግን አታጋንን፣ አይወድም። ቀለም ከመቀባትህ በፊት ንድፉን ላክልኝ።»

«በራሷ ግራ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ስልክ ሰልፊን እንደ መስታወት ገልብጦ ስለሚያስቀምጥ ጠባሳም ሆነ የፀጉር ክፍፍል ጎኑን ይቀይራል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ የቀሚሱ ጥልፍም ይደበዝዛል።

ንድፉ ሲመጣ ሙሽሮቹን ለሚያውቅ ሰው ማን እንደሆኑ ሳትነግሩት አሳዩት። ወዲያው ካልለያቸው ያኔውኑ አስተካክሉ፤ ቀለም ከገባ በኋላ ፊት መቀየር እንደ አዲስ መሥራት ስለሆነ ተጨማሪ ያስከፍላል።