የመጠጥን ካሎሪ በክብደት መቀነሻ ሂሳብ ውስጥ እንዴት ማስገባት ይቻላል

እንጀራውን ከሁለት ወደ አንድ አውርዶ፣ ስኳሩን ከሻይ አስቀርቶ በእግሩ መሄድ የጀመረ ሰው ከወር በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ምንም ለውጥ ካላየ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዓርብና ቅዳሜ ማታ ምን ያህል እንደሚጠጣ ነው። መጠጥ ሆድ ሳይሞላ ካሎሪ ያስገባል፤ አብዛኛው ሰውም የሚበላውን ሲቆጥር የሚጠጣውን ይዘለዋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ያንን የተዘለለ ክፍል ለማስላት፣ ከዚያም የት ላይ መቀነስ እንደሚያዋጣ ለመለየት ይረዳል።

1. የአልኮሉን ካሎሪ ከጠርሙሱ ላይ ያስሉ

አንድ ግራም ንጹሕ አልኮል 7 ካሎሪ ገደማ አለው። ስኳርና ስታርች በግራም 4፣ ስብ ደግሞ 9 መሆናቸውን ስናስብ አልኮል ለስብ የቀረበ መሆኑን እንረዳለን። በአብዛኛው ጠርሙስ ላይ ካሎሪው ባይጻፍም መጠኑና የአልኮሉ ፐርሰንት ይጻፋሉ፤ ለስሌቱም እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ፦

መጠን በሚሊ ሊትር × ፐርሰንት ÷ 100 × 5.5

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5% አልኮል ያለበት የቢራ ጠርሙስ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ይህም በ5.5 ሲባዛ 91 ካሎሪ ይሆናል። 12% የሆነ 150 ሚሊ ሊትር ወይን 99፣ 40% የሆነ 40 ሚሊ ሊትር ጂን ወይም አረቄ ደግሞ 88 ይሰጣል። ሦስቱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ልብ ይሏል። ስለዚህ «ቢራ ያወፍራል» ብሎ ወደ አረቄ መዞር፣ የመለኪያው ቁጥር ከጠርሙሱ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ፣ የሚጠበቀውን ያህል አያተርፍም።

2. ስኳሩን ይጨምሩ

በአንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ከገብሱ የተረፈ ከ10 እስከ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት ስለሚኖር ጠቅላላው ወደ 140 ካሎሪ ይደርሳል። ጣፋጭ ያልሆነ ወይን በዚህ በኩል የሚጨምረው ጥቂት ነው። ወይኑ ወይም ጂኑ በለስላሳ ከተበረዘ ግን ሂሳቡ ይለወጣል፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር፣ ማለትም ከ120 ካሎሪ በላይ ይዟል። በአምቦ ውሃ መበረዝ ምንም አይጨምርም።

አስቸጋሪው ጠጅ ነው፤ ምክንያቱም የሚነበብ ጽሑፍ የለውም። ሆኖም ካሎሪው በሙሉ ማለት ይቻላል ከማሩ ስለሚመጣ ከማሩ ተነስቶ መገመት ይቻላል። በአንድ ሊትር ማር ላይ አራት ሊትር ውሃ ከተጨመረ፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል ትንሽ የሚያንሰው ማር 4,200 ካሎሪ ገደማ ይዞ ወደ አምስት ሊትር መጠጥ ይከፋፈላል። ሲብላላ ከስኳሩ ጉልበት የሚባክነው ጥቂት ሲሆን ቀሪው መልኩን ቀይሮ አልኮል ይሆናል። ስለዚህ «ጣፋጩ ብርዝ ያወፍራል፣ የደረቀው ጠጅ ግን ስኳር የለበትም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ በዚህ አጣጣል 200 ካሎሪ ገደማ ይኖረዋል፤ ስኳር የታከለበት የጠጅ ቤት ጠጅ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። የቤትዎ ብርሌ ምን ያህል እንደሚይዝ አንድ ጊዜ በመለኪያ ቢያዩት ግምቱ ይስተካከላል።

3. ከመጠጡ ጋር የሚመጣውን ምግብ ይመዝግቡ

ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከመጠጡ ይበልጣል። ከምግብ በፊት የምትጠጣ አንዲት መለኪያ ምግብ ታስበላለች የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ በጥናትም ቢሆን ከምግብ በፊት ወይም ከምግብ ጋር አልኮል የጠጡ ሰዎች የምግባቸውን መጠን ቀንሰው የመጠጡን ካሎሪ እንደማያካክሱ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጨምረው እንደሚበሉ ታይቷል። ራስን የመግዛት አቅምም ይላላል። ቤቱ እራቱን በልቶ የወጣ ሰው ከሦስተኛው ቢራ በኋላ የጥብሱ ሽታ ሲደርሰው መብላቱን ይረሳል።

ሰውነት አልኮልን የሚያከማችበት ቦታ ስለሌለው ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ያቃጥለዋል። ጉበት አልኮሉን ወደ አሲቴት ሲቀይረው አሲቴቱ በደም ተሰራጭቶ እንደ ማገዶ ያገለግላል፤ በዚያን ጊዜ ስብ የማቃጠሉ ሥራ በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም አልኮል ያህል ነው፤ አራት ቢራ ደግሞ 52 ግራም ይሆናል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው ከሌሊቱ ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት ድረስ የሚያቃጥለው በዋነኛነት አልኮሉን ነው፤ የጥብሱ ቅቤ ግን ተራው ስላልደረሰ ወደ ማከማቻው ይሄዳል። ወደ ስብነት የሚለወጠው አልኮሉ ራሱ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚከማቸው አብሮት የተበላው ነው።

4. ሂሳቡን በሳምንት ይዝጉ

በቀን ማስላት ያሳስታል፤ ምክንያቱም መጠጡ በሁለት ምሽት ላይ ይከማቻል። በየቀኑ ከሚያስፈልገው 300 ካሎሪ ቀንሶ የሚበላ አንድ የቢሮ ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 2,100 ይቆጥባል። ዓርብና ቅዳሜ አራት አራት ቢራ ሲጠጣ 1,120 ይመለስበታል። በሁለቱም ምሽት ከጓደኞቹ ጋር የሚካፈለው ጥብስ ከእንጀራው ጋር በጥንቃቄ ቢገመት 500 ቢሆን፣ ሌላ 1,000 ይጨመራል። ድምሩ 2,120 ነው፤ የሳምንቱ ቁጠባ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ይህ ሰው ስለ ምሳው የሚናገረው በሙሉ እውነት ነው፤ ክብደቱ ግን አይቀንስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታከል አለበት፤ ሰውነት አልኮልን ሲያቃጥል ከጉልበቱ ጥቂቱ በሙቀት መልክ ስለሚባክን እነዚህ ቁጥሮች ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው። በሳምንት አንድ ሁለት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰውም በዚህ የተነሳ ይወፍራል ማለት አይቻልም፤ ችግሩ የሚጎላው በአንድ ተቀምጦ ብዙ በመጠጣትና ይህንን ልማድ በማድረግ ነው።

5. የሚቀንሱትን ይምረጡ፣ ሚዛኑንም በትክክል ያንብቡ

ከላይ የተጠቀሰው ሰው እራቱን በልቶ ቢወጣ፣ ጥብሱን ቢተወውና ቢራውን በምሽት ሁለት ቢያደርገው የመጠጡ ካሎሪ 560 ይሆናል፤ ከቁጠባው 1,540 ይተርፈዋል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ በአምስት ሳምንት አንድ ኪሎ ያወርዳል። እኔ እንደማየው ከሁሉ የሚቀለው ጥብሱን መተው ሳይሆን፣ ጥብሱ ሳይታዘዝ ከወንበሩ መነሳት ነው።

በመጠጥ ማግሥት ጠዋት መመዘን አያስፈልግም። አልኮል ስለሚያሸና ሚዛኑ ሊወርድ ይችላል፤ ጨው የበዛበት ምግብ የያዘው ውሃ ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከሳምንቱ አጋማሽ አንድ ቀን መርጦ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ከተሄደ በኋላና ከቁርስ በፊት ተመዝኖ አራት ሳምንት ማነጻጸር የተሻለ ነው።

ለመጠጡ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ እራትን መዝለል ግን አይገባም። በባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል ቶሎ ያሰክራል፤ ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝቶ ሳለ እንኳ፣ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣና ሲያቆም እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልበው ሰው በአንድ ጊዜ ማቋረጡ የሚጥል በሽታ ሊያስከትልበት ስለሚችል፣ ከካሎሪ ሂሳቡ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይኖርበታል።