የወር እቁብን በቴሌብር መሰብሰብና የከፈለውን ካልከፈለው መለየት የሚቻለው እንዴት ነው?

በጎንደር ከተማ በቅዳሜ ገበያ፣ በማራኪና በአዘዞ ተበታትነው የሚኖሩ እቁብተኞች በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ይዘው አንድ ቦታ መሰባሰብ ስለሚቸግራቸው መዋጮውን በቴሌብር መላክን ይመርጣሉ። መላኩ ቀላል ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው የደረሰውን ገንዘብ ከትክክለኛው ሰው ስም ጋር አገናኝቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍም በዋናነት የሚያብራራው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ ያህል 15 እጣ ያለውንና በእያንዳንዱ እጣ 2,000 ብር የሚጣልበትን እቁብ እንውሰድ። አንዱን እጣ ሁለት ሰዎች በግማሽ በግማሽ ስለያዙት እቁብተኞቹ 16 ናቸው፤ በየወሩ የሚሰበሰበውም 30,000 ብር ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡ የሚገባበት ስልክ ቁጥር ይወሰን። ገንዘብ ያዡ የግል ወጪውንና ገቢውን ከሚያንቀሳቅስበት ቁጥር የተለየ፣ በራሱ ስም የወጣና ለእቁቡ ብቻ የሚያገለግል ሲም ካርድ ቢኖር ይመረጣል፤ የግል ገንዘብ ከእቁቡ ጋር ከተቀላቀለ ቀሪ ሂሳቡን አይቶ ስንት ሰው እንደከፈለ ማወቅ አይቻልምና። የምስጢር ቁጥሩን ገንዘብ ያዡ ብቻ ይወቀው፤ መዝገቡን ግን ሌላ ሰው፣ ማለትም ጸሐፊው ይያዘው። በቴሌብር ሂሳብ ውስጥ ሊቀመጥና በአንድ ቀን ሊላክ የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ ስላለው፣ የገንዘብ ያዡ ሂሳብ 30,000 ብር ማስተናገድ መቻሉን የመጀመሪያው መዋጮ ከመግባቱ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመሰብሰቢያው ዕለት ጣሪያው ሞልቶ የአሥራ አራተኛው ሰው ገንዘብ አልገባም ቢል መዝገቡ ሁሉ ይዘበራረቃል።

ቀጥሎ መዝገቡ ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ እጣ ተራ ቁጥር ፊት የእቁብተኛው መጠሪያ ስም፣ የሚልክበት ስልክ ቁጥርና በቴሌብር የተመዘገበበት ሙሉ ስም እስከ አያት ይጻፋል። ብዙ ሰው ሰፈር ውስጥ የሚጠራበት ስም ከመታወቂያው ስም ስለሚለይ፣ እንዲሁም በሚደርሰው መልእክት ላይ የላኪው ቁጥር በሙሉ ላይታይ ስለሚችል፣ ይህ ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። በልጁ ወይም በባለቤቱ ስልክ የሚልክ ካለም የዚያ ሰው ስም አብሮ ይመዝገብ። በግማሽ የሚጥሉት ሁለቱ በአንድ ተራ ቁጥር ሥር፣ ነገር ግን በሁለት የተለያዩ መስመሮች ይጻፉ።

መክፈያው የኢትዮጵያ ወር በገባ በ5ኛው ቀን እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው እንበል። እቁብተኛው በቴሌብር መተግበሪያ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ *127# ደውሎ ይልካል፤ የምስጢር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ስም የገንዘብ ያዡ መሆኑን ማየት አለበት። ገንዘቡ ሲገባ በእቁቡ ስልክ ላይ የላኪውን ስም፣ መጠኑን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የግብይት ቁጥሩንና ቀሪ ሂሳቡን የያዘ መልእክት ይደርሳል። ጸሐፊው በስሙ ፊት ምልክት የሚያደርገው ይህ መልእክት ሲደርስና የግብይት ቁጥሩን መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ብቻ ነው። ቁጥሩ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት ስለሆነ በእጅ ሲጻፍ ዜሮና ኦ ይምታታሉ፤ ስለዚህ ከመልእክቱ ላይ በቀጥታ ቢገለበጥ ይሻላል። መልእክቱ የሚጠቀመው የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር መሆኑም አይዘንጋ፦ 13/01/2026 20:52 የሚል መልእክት ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 2:52 ማለት ስለሆነ ላኪው በሰዓቱ ከፍሏል።

የመክፈያው ሰዓት ሲያልቅ መዝገቡ ከቀሪ ሂሳቡ ጋር ይመሳከራል። ከባለፈው ወር 40 ብር ተርፎ ነበር እንበል። መዝገቡ 13 ሙሉ እጣና አንድ ግማሽ እጣ መከፈሉን ካሳየ፣ ይህ 27,000 ብር ስለሚሆን ሂሳቡ ላይ 27,040 ብር መገኘት አለበት። የተገኘው ግን 25,040 ብር ቢሆን፣ ጉድለቱ ልክ የአንድ እጣ ስለሆነ መልእክት ሳይደርስ ምልክት የተደረገበት አንድ ሰው አለ ማለት ነው። የግብይት ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ከመልእክቶቹ ጋር ሲታዩ፣ ለምሳሌ ተራ ቁጥር 9 የተመዘገበው እቁብተኛው በቴሌግራም በላከው የስክሪን ፎቶ መሆኑ ይደረስበታል። ፎቶውን አጉልተው ሲያዩት ገንዘቡ በአንድ አኃዝ ስህተት ወደ ሌላ ሰው ሄዷል። ሰውየው አላታለለም፤ የላከ መስሎት ነው። የስክሪን ፎቶ መላክን ቢያሳይ እንኳ መድረስን አያረጋግጥም፤ ሊቀየርም ይችላል። በዚህ ጊዜ ምልክቱ ይሰረዛል፤ ላኪው ራሱ ሳይውል ሳያድር ወደ 127 ደውሎ የግብይት ቁጥሩን በመንገር ማመልከት አለበት፤ ተቀባዩ ገንዘቡን ካወጣው ማስመለሱ ይከብዳልና።

ያልከፈሉትን ማስታወስ በግል ቢሆን ይመረጣል። በቡድኑ የቴሌግራም ገጽ የገቡት ተራ ቁጥሮች ብቻ ይለጠፉ፤ የቀረውን ሰው ስም በአደባባይ ማውጣት ቅያሜ ያመጣል። በዕድሜ ለገፉ እናት ጸሐፊው ደውሎ «እትዬ፣ የዚህ ወር እቁብ ከእርስዎ እስካሁን አልደረሰኝም፤ ልከው ከሆነ ከ127 የመጣልዎትን መልእክት የግብይት ቁጥር ያንብቡልኝ» ቢላቸው ነገሩ ወዲያው ይለያል። ከሁሉ በፊት ክትትል የሚያስፈልገው ግን እጣ ከደረሳቸው በኋላ የሚዘገዩትን ነው። ያልደረሰው ሰው ቢዘገይ ከዚያ ወር እጣ ይወጣል፤ የደረሰው ቢያቆም ግን ጉዳቱ በቀሪዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ እጣ የደረሳቸው ሰዎች መስመር በቀይ ይሰመርበት፤ የዋሶቻቸውም ስልክ ከጎኑ ይጻፍ።

እጣው የሚወጣው ከመክፈያው ቀን ቀጥሎ ባለው እሑድ ከሆነ፣ በጥር 2018 ዓ.ም. ይህ እሑድ ጥር 10፣ የከተራ ዕለት ነው። ጎንደር ውስጥ በዚያ ቀን እቁብተኛ ይሰበሰባል ብሎ ማሰብ ስለማይቻል ወደ ዓርብ ጥር 8 ማምጣቱ ይበጃል፤ ለባለ እጣውም ገንዘቡ ለበዓሉ ይደርስለታል።

እጣው የደረሰው ሰው ዋሶቹን ካቀረበና ከፈረመ በኋላ፣ ገንዘብ ያዡ ዳኛውና ጸሐፊው ባሉበት 30,000 ብሩን ይልክለታል። የመላኪያውን ክፍያ ባለ እጣው ይቻለው ወይስ ከጋራ ይወጣ የሚለው እቁቡ ሲጀመር በደንብ ተጽፎ ይቀመጥ። የተላከበት የግብይት ቁጥርም ከወሩ መዋጮዎች ሥር ይመዘገባል፤ የተረፈው ቀሪ ሂሳብ ደግሞ የየካቲት መነሻ ሆኖ በአዲሱ ገጽ አናት ላይ ይጻፋል።