ሻል፣ ሹድ እና ሜይ በረጅም ሁኔታዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፦ ችግርና መፍትሄ

በዓለም አቀፍ ደረጃ አውጪዎቹ በአይኤስኦ እና በአይኢሲ የአጻጻፍ መመሪያ ክፍል 2 መሠረት፣ ከእንግሊዝኛ ረዳት ግሶች ሻል ግዴታ፣ ሹድ ምክር፣ ሜይ ደግሞ ፈቃድ ነው። ደረጃውን አሟልቻለሁ የሚል ድርጅት የሚመዘነው በግዴታዎቹ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛው ትርጉም ላይ አንዱ ወደ ሌላው ከተንሸራተተ ኦዲተሩና ፋብሪካው የተለያየ ሰነድ ያነባሉ። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች በብዛት የሚታዩት ዓረፍተ ነገሩ «ከሆነ»ና «ካልሆነ» ሲበዛበት ነው።

ምልክት፦ ግዴታው ጠፍቶ ሁሉም ነገር ፈቃድ ሆኗል

ለማሳያ ያህል ይህን የተረቀቀ ትርጉም እንይ፦

«ግፊቱ ከ10 ባር በልጦ ቫልቩ በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልተዘጋ፣ ኦፕሬተሩ ፓምፑን አቁሞ፣ ሰዓቱን መዝግቦ የባይፓስ መስመሩን ሊከፍት ይችላል።»

አማርኛው ጆሮ አይጎረብጥም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ማቆም በሻል፣ መመዝገብ በሹድ፣ መክፈት በሜይ ነበር የተጻፉት። በዚህ ትርጉም ግን ፓምፑን ሳያቆም ቁጭ ያለ ኦፕሬተር ምንም አላጠፋም።

መንስኤው ቦዝ አንቀጽ ነው። «አቁሞ» እና «መዝግቦ» የራሳቸው ኃይል የላቸውም፤ የሚዋሱት ከማሰሪያው አንቀጽ ነው። ማሰሪያው «ይችላል» ሲሆን ሦስቱም ፈቃድ ይሆናሉ፤ «አለበት» ቢሆን ደግሞ ሦስቱም ግዴታ ይሆኑ ነበር። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ ግስ የራሱን ረዳት ስለሚሰጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱን ይሸከማል። እኛ ጋ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አይሸከምም።

መፍትሄው ለእያንዳንዱ ረዳት ግስ አንድ ማሰሪያ መስጠት ነው፦

«ግፊቱ ከ10 ባር ከበለጠና ቫልቩም በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልተዘጋ፣ ኦፕሬተሩ ፓምፑን ማቆም አለበት። በዚሁ ሁኔታ ሰዓቱን እንዲመዘግብ ይመከራል። በዚሁ ሁኔታ የባይፓስ መስመሩን እንዲከፍት ይፈቀድለታል።»

«በዚሁ ሁኔታ» መደጋገሙ ያሰለቻል ብላችሁ አታንሱት። ከተነሳ ባይፓሱን መክፈት በማንኛውም ጊዜ የተፈቀደ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ስህተት የባሰ ነው። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች በአንዱ አንቀጽ ቁጥር ሥር ይቆዩ፤ አዲስ ቁጥር ከተሰጣቸው ሌሎች ክፍሎች የሚጠቅሱት ቁጥር ይዛባል።

ምልክት፦ ክልከላው «ግድ የለም» ተብሎ ይነበባል

«ሽፋኑን መክፈት የለበትም» ለአንዱ አንባቢ «እንዳይከፍት» ነው፤ ለሌላው «መክፈት አይጠበቅበትም»። ሁለቱም በዕለት ተዕለት አማርኛ ትክክል ናቸው። በአጭር ዓረፍተ ነገር አውዱ ያድነናል፤ ከፊቱ ሦስት ቅድመ ሁኔታ ሲደረደር ግን አያድንም። ስለዚህ ለሻል ኖት «መክፈት የተከለከለ ነው»፣ ለኒድ ኖት «የመክፈት ግዴታ የለበትም» በሉ። ባዶውን «የለበትም» ከሰነዱ ማስወጣት እመርጣለሁ። ሜይ ኖት ካጋጠማችሁ ግን ቆም በሉ፤ መመሪያው ለክልከላ እንዳይውል ያዛል፣ ሆኖም ሁሉም ጸሐፊ አይጠብቀውም። ክልከላ ይሁን ወይስ «ላይሆን ይችላል» ማለት፣ አርቃቂውን መጠየቅ ይሻላል።

ምልክት፦ «ግፊቱ መውረድ ይገባዋል» የሚል እንግዳ ምክር

ይህ የሚፈጠረው ሹድ በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምክር አይደለም፤ «ቢሆን» ነው። «ግፊቱ ከ2 ባር በታች ቢወርድ፣ ማንቂያው መጮህ አለበት» ይባላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው መስፈርት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ማንቂያው።

ለእውነተኛው ሹድም ቢሆን «ይገባል» አይመቸኝም። በደብዳቤና በማስታወቂያ «ሊከበር ይገባል» ሲባል ሰው የሚሰማው ትእዛዝ ነው። «ይመከራል» ምክር መሆኑን አይደብቅም። ሜይም በ«ይችላል» ሲተረጎም «አቅም አለው» ከሚለው ከካን ጋር ይደባለቃል፤ «ይችላል»ን ለካን ትታችሁ ለሜይ «ይፈቀዳል» በሉ።

ማረጋገጫ

ከርክክብ በፊት በምንጩ ጽሑፍ ላይ ይህን አሂዱ፦

```
grep -noiwE 'shall not|may not|need not|shall|should|may' source.txt
```

እያንዳንዱ የወጣ መስመር በትርጉሙ ውስጥ የራሱ ማሰሪያ አንቀጽ ሊኖረው ይገባል ብላችሁ አመሳክሩ። ሦስት ነገር ቆጠራውን ያዛባል፦ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የመጣ ሹድ፣ የግንቦት ወር ስም ከሜይ ጋር አንድ ዓይነት መጻፉ፣ እና ሻል በአንድ መስመር አልቆ ኖት በሚቀጥለው መስመር ሲጀምር። የመጨረሻው ክልከላን እንደ ግዴታ ስለሚያሳይ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ በአንድ መስመር እንዲሆን ፋይሉን አስቀድማችሁ አስተካክሉ።