ነፋስን ከወይን ለመለየት፦ የፈረንሳይኛ የአፍንጫ አናባቢዎች ልምምድ

በጎንደር ፋሲል ግቢ ፈረንሳውያን እንግዶችን ሳስጎበኝ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሆኜ «እዚህ ነፋሱ ብርቱ ነው» ለማለት አሰብሁ። ነፋስ የሚለውን ቃል «ቫን» ብዬ ስጠራው እንግዶቹ የሰሙት ወይን የሚለውን ቃል ስለነበር፣ አንዲት ወይዘሮ የት እንደሚቀመስ ጠየቁኝ።

ስሕተቱ ከአማርኛ የመጣ ነው። በእኛ ቋንቋ አየር በአፍንጫ የሚወጣው በዋናነት እንደ ም፣ ን እና ኝ ባሉ ተነባቢዎች ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ ግን አናባቢው ራሱ በአፍና በአፍንጫ በአንድነት ይወጣል፤ ከኋላው የሚከተል ን የለም። ፊደላችንም አይረዳንም፤ «ጥሩ» የሚለውን ቃል ለወንድም ለሴትም «ቦን» ብለን እንጽፋለን፤ ን የሚሰማው ግን በሴቴው ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ን የምትባለውን ድምፅ ማስወገድ ያስፈልጋል። «ቦ» ብላችሁ ድምፁን ሳታቋርጡ ወደ አፍንጫም ልቀቁት፤ የምላሳችሁ ጫፍ ላንቃን ወይም የላይኛውን ድድ እንዳይነካ። ድምፁን እያስረዘማችሁ አፍንጫችሁን በጣት ያዙት። ድምፁ ተለውጦ ከቀጠለ አናባቢ ነው፤ ጭራሹን ከታፈነ ግን ሳታውቁት ን ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሦስት የፈረንሳይኛ ቃላትን፣ ማለትም ወይን የሚለውን vin፣ ነፋስ የሚለውን vent እና «ይሄዳሉ» የሚለውን vont በመስታወት ፊት መለማመድ ነው። ወይን ሲባል ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል፤ በዛሬው የፓሪስ አነጋገር ይህ ድምፅ ለእኛ ጆሮ «ቫን» ይመስላል፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ነፋስ ሲባል አፍ ሰፋ ብሎ ይከፈታል፤ ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከንፈርም ጥቂት ስለሚከብብ ድምፁ በኣ እና በኦ መካከል ይውላል። «ይሄዳሉ» የሚለው ቃል ደግሞ በጠበበና በሚገባ በከበበ ከንፈር ይነገራል።

ለጆሮ ልምምድ ከድምፅ መዝገበ ቃላት የእያንዳንዱን ቃል አምስት ቅጂ፣ በጠቅላላው 15 አሰባስባችሁ፣ ሌላ ሰው ቀላቅሎ ያጫውትላችሁ፤ እናንተም የሰማችሁትን ጻፉ። በግምት ብቻ እንኳ አምስት ያህል ሊገኝ ስለሚችል ከነጥቡ ይልቅ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተምታታ መመልከት ይሻላል። እኔ ወይንን ቶሎ ለየሁት፤ ነፋስና «ይሄዳሉ» ግን ወራት ፈጁብኝ። በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ጥሩ አይደለም። የደቡብ ፈረንሳይ ተናጋሪዎች ከአናባቢው ኋላ ትንሽ ን የሚመስል ድምፅ ስለሚያስከትሉ የእነርሱን ቅጂ ለኋላ አቆዩት።

«አንድ» በሚለው የፈረንሳይኛ ቃል un ውስጥ ያለው አራተኛው አናባቢ በፓሪስ ከወይኑ ጋር ስለተዋሐደ፣ ለጊዜው እንደ ወይን ቢነገር ያግባባል።