«አቦ፣ ነፃ ነው!» ከማለታችሁ በፊት፦ በቼዝ መክፈቻ ላይ የተመረዘ ወታደርና ቀድማ የወጣች ንግሥት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሙቀቱ ገና አልበረደም። አንድ የሰፈር ልጅ ጥቁር ይዞ ከአንድ ጋሼ ጋር ይጫወታል። አራተኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱን ይዞ ሄዶ b2 ላይ የቆመውን ወታደር በላ። ቀና ብሎ አየኝና «አቦ፣ ነፃ ነው!» አለኝ። ጋሼ አልደነገጡም። ሻያቸውን ፉት እያሉ ፈረሳቸውን ወደ b5 ዘለል አደረጉት። አሥረኛው እርምጃ ላይ የልጁ ግንብ ተበልቷል፣ ንጉሡም መሃል ላይ ተጋልጦ ቀርቷል።

ጨዋታው ሲያልቅ ሰሌዳውን እንደገና ደርድረን እያንዳንዷን እርምጃ አየን። ለእናንተም በዚያው መንገድ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህ አከፋፈት ስልክ ላይ በየቀኑ ይገጥማችኋል። ፊደሎቹን ለማታውቁ፦ Q ንግሥት፣ R ግንብ፣ B ጳጳስ፣ N ፈረስ፣ K ንጉሥ ነው። ፊደል የሌለው የወታደር እርምጃ ነው። x መብላት፣ + ቼክ፣ # ደግሞ ቼክሜት ነው። ከቁጥሩ በኋላ ሦስት ነጥብ ካለ የጥቁር እርምጃ ነው።

ምልክቱ፦ b2 ባዶውን ቆሟል፣ ባለቤቱ ግን ግድ አልሰጠውም

```
1. d4 d5   2. Bf4 c5
3. e3 Qb6  4. Nc3 Qxb2
5. Nb5
```

ሦስተኛው እርምጃ ላይ ንግሥቷ ወደ b6 መውጣቷ ስህተት አይደለም። b2ን ሲጠብቅ የነበረው c1 ላይ የቆመው ጳጳስ ነው። እሱ ወደ f4 ሲወጣ b2 ጠባቂ አጣ። ስለዚህ ንግሥቷ የምትጠይቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምልክቱ ያለው ነጭ በሚሰጠው መልስ ውስጥ ነው። ወታደሩን ሊያድን ይችል ነበር፤ ለምሳሌ b3 ብሎ ሊገፋው፣ ወይም ንግሥቱን c1 ላይ አምጥቶ ሊጠብቀው። እሱ ግን ዝም ብሎ ፈረስ አወጣ። በደንብ የሚጫወት ሰው የተነካበትን ነገር ትቶ ሌላ ሥራ ከሠራ፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ አንድ ደቂቃ አስቡ።

ምክንያቱ፦ c7

ብዙ ሰው የተመረዘ ወታደር ሲባል ንግሥቷ ራሷ የምትያዝበት ብቻ ይመስለዋል። እዚህ ግን መርዙ ያለው ሰሌዳው ማዶ፣ ንግሥቷ ትታው በሄደችው ቤት ውስጥ ነው። ፈረሱ b5 ሲደርስ ቀጥሎ c7 ላይ ሊገባ ነው። እዚያ ከገባ ንጉሡንና a8 ላይ ያለውን ግንብ በአንዴ ይመታል። f4 ላይ ያለው ጳጳስ ደግሞ በe5 እና በd6 በኩል አሻግሮ ያንኑ c7 ያያል። ማለትም ፈረሱ ጠባቂ አለው።

ልጁ መጀመሪያ ያሰበው ንግሥቱን በቼክ አውጥቶ c7ን ማስጠበቅ ነበር። 5... Qb4+ 6. c3 Qa5። ሲያዩት ያምራል፤ ንግሥቷ ከa5 ሆና c7ን ታያለች። ነጭ ግን 7. Nc7+ ይላል። ንግሥቷ ፈረሱን ከበላች ጳጳሱ ይበላታል። ካልበላች ንጉሡ d8 ይሄዳል፣ ፈረሱም ግንቡን ይበላል። ጥቁር c3ን በቼክ ቢበላም ሙሉ ግንብ ከፍሎ ሁለት ወታደር ነው ያገኘው።

ስለዚህ ሌላውን መንገድ መረጠ፤ ፈረሱን ወደ a6 አውጥቶ c7ን ጠበቀ። ይሄ ከQb4+ ይሻላል። ግን ጋሼ አሁን ወደ ንግሥቷ ዞሩ።

```
5... Na6   6. Rb1 Qxa2
7. Ra1 Qb2 8. Rxa6 bxa6
9. Nc7+ Kd8 10. Nxa8
```

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን እርምጃ ሰሌዳ ላይ አስቀምጣችሁ እዩት። ግንቡ b1 ሲመጣ ንግሥቷ በደህና የምትሄድበት አንድ ቤት ብቻ ነው ያላት፣ a2። ግንቡ ተመልሶ a1 ሲመጣም እንደዚያው፣ b2 ብቻ። ጋሼ ንግሥቷን ሊይዟት አልነበረም። ግንባቸውን በa መስመር ላይ፣ a6 ያለው ፈረስ ፊት ለፊት ለማቆም ነው ያባረሯት። ከዚያ c7ን የሚጠብቀውን ፈረስ በግንብ በሉት፣ ጥቁር በወታደር መለሰ፣ c7 ባዶ ሆነ። መጨረሻ ላይ ነጭ ሁለት ወታደር ከፍሎ አንድ ፈረስ አተረፈ። የጥቁር ንጉሥ ካስል የማድረግ መብቱን አጣ፤ g8፣ f8 እና h8 ላይ ያሉት ፈረስ፣ ጳጳስና ግንብም ገና ከቦታቸው አልተነሱም።

መፍትሄው፦ ከመብላታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ

የመጀመሪያው፦ ንግሥቷ አሁን ካለችበት ስትነሳ የትኛው ቤት ይከፈታል? ተቃዋሚው እዚያ በቼክ ሊገባ ይችላል? በዚህ ጨዋታ መልሱ c7 ነው። ይህን ጥያቄ ልጁ ጨርሶ አልጠየቀም፤ ዓይኑ b2 ላይ ተተክሎ ነበር። ወታደሩ a6 ላይ ቢሆን ኖሮ ፈረሱ b5 ላይ እንዲህ በነፃ አይቆምም ነበር።

ሁለተኛው፦ ከበላሁ በኋላ የምመለስበት መንገድ የቱ ነው? «ትወጣለች» አይበቃም። የቤቱን ስም ጥሩ፦ a3፣ b6፣ b4። ከዚያ ተቃዋሚው በአንድ እርምጃ ያንን ቤት መዝጋት ይችል እንደሆነ እዩ። አንድ ቤት ብቻ ከቀራት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም።

ሁለቱንም ጠይቃችሁ መልሱ ካላማራችሁ አትብሉ። እዚህ 4... e6 ማለት ይበቃል። d5 ይጠበቃል፣ የጳጳሱም መንገድ ይከፈታል። ነጭ 5. Nb5 ካለ አሁን 5... Na6 ትላላችሁ። ፈረሱ የሄደው ያው a6 ነው፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ንግሥቷ b6 ላይ ስለሆነች ግንቡ የሚያባርረው የለም፤ የa መስመርም በነጩ a2 ወታደር እንደተዘጋ ነው።

ሂሳቡንም አትርሱ። ንግሥቷ ለመውጣት አንድ፣ ለመብላት አንድ፣ ለመመለስ አንድ፣ በጠቅላላ ሦስት እርምጃ ታወጣለች። ቼዝ ተጫዋቾች መክፈቻ ላይ ሦስት እርምጃን እንደ አንድ ወታደር ነው የሚቆጥሩት። ማለትም መርዝ ባይኖርበት እንኳ ወታደሩ የሚመስለውን ያህል ርካሽ አይደለም።

ይሄን ስል b2ን በጭራሽ አትንኩ ማለቴ አይደለም። በሲሲሊያን መከላከያ ውስጥ፣ ናይዶርፍ በሚባለው መስመር፣ ጥቁር አውቆ b2ን የሚበላበት አከፋፈት አለ፤ ስሙም ራሱ የተመረዘ ወታደር ነው። ቦቢ ፊሸር አጥብቆ ይወደው ነበር። በ1972 ሬይካቪክ ላይ ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጋጠም ሁለት ጊዜ ተጫውቶታል። ሰባተኛው ጨዋታ እኩል ወጣ። አሥራ አንደኛው ላይ ግን ስፓስኪ በ14ኛው እርምጃ ፈረሱን ከc3 ወደ መነሻው ወደ b1 መለሰው። ወደኋላ የሄደች እርምጃ ናት። ግን የንግሥቷን መመለሻ ማጥበብ ጀመረች፣ ፊሸርም ንግሥቱን አጥቶ ተሸነፈ። እኔ ይህን ጨዋታ ያጠናሁት ለሁለተኛው ጥያቄ ስል ነው። መስመሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው እንኳ የንግሥቱ በር ተዘጋበት።

ምልክቱ፦ ንግሥቷ በሁለተኛው እርምጃ እናንተ ሜዳ ደረሰች

ስልክ ላይ ፈጣን ጨዋታ የሚጫወት ሁሉ ያውቃታል። 1. e4 e5 2. Qh5። እዚህ አደጋው ድንጋጤ ነው። ብዙ ጀማሪ ወዲያው 2... g6 ብሎ ሊያባርራት ይሞክራል። ከዚያ 3. Qxe5+ ይመጣል። g7 ላይ የነበረው ወታደር ስለተነሳ ንግሥቷ ንጉሡንም h8 ላይ ያለውንም ግንብ በአንዴ ትመታለች። ግንቡ ሄደ።

ምክንያቱ ቅደም ተከተል ነው። ንግሥቷ የምታየው e5ንም f7ንም ነው፤ አሁን ጠባቂ የሌለው ግን e5 ብቻ ነው። f7ን ንጉሡ ይጠብቀዋል።

```
2... Nc6  3. Bc4 g6
4. Qf3 Nf6
```

መጀመሪያ ፈረስ ወጥቶ e5ን ይጠብቃል። ጳጳሱ c4 ሲመጣ f7 ላይ ቼክሜት ሊመጣ ነው፤ g6 የሚባለው አሁን ነው። ንግሥቷ f3 ሄዳ f7ን እንደገና ስታይ ሌላው ፈረስ ይጋርዳታል። አሁን ቁጠሩ። እናንተ ሁለት ፈረስ አውጥታችኋል። እሱ ንግሥቱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሷል፤ ፈረሱ የሚወጣበትን f3ንም ይዛበታለች። ከዚህ በኋላ 5. g4 ብሎ ፈረሳችሁን በg5 ሊያባርር ቢሞክር 5... Nd4 በሉት። ንግሥቷም c2ም በአንዴ ተነኩ። ወደ d1 ስትመለስ 6... d5 ብላችሁ መሃሉን ክፈቱ።

ንግሥትን ማባረር ጥሩ የሚሆነው የሚያባርረው እርምጃ ለራሱም ሥራ ሲኖረው ነው። ፈረስ እያወጣችሁ ካባረራችኋት ታተርፋላችሁ። በጎን ወታደሮች a6፣ h6 እያላችሁ ከተከተላችኋት የምትደክሙት እናንተ ናችሁ።

ምልክቱ፦ e5 በነፃ ቀረበላችሁ

1. e4 e5 2. Nf3 Nc6 3. Bc4 Nd4። የጥቁር ፈረስ e5ን መጠበቁን ትቶ d4 ላይ ቆመ። እጅ በራሱ ወደ e5 ይሄዳል።

```
4. Nxe5 Qg5   5. Nxf7 Qxg2
6. Rf1 Qxe4+  7. Be2 Nf3#
```

አሁን የንግሥት ወረራው ትክክል የሚሆነው ለጥቁር ነው። g5 ላይ ስትደርስ e5 ያለውን ፈረስም g2ንም አንድ ላይ ትነካለችና። መጨረሻው ላይ e2 ያለው ጳጳስ ፈረሱን መብላት አይችልም፤ ከተነሳ ንጉሡን ለንግሥቷ ያጋልጣል። ንጉሡም በገዛ ሰዎቹ ተከቦ መውጫ የለውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ለፈረስም ይሠራል። ፈረሱ ከf3 ሲነሳ የጥቁር ንግሥት g5 ላይ በነፃ መቆም ትችላለች፤ f3 ራሱም ለጥቁር ፈረስ ክፍት ይሆናል። መፍትሄው አጭር ነው፦ 4. Nxd4 exd4፣ ከዚያ ካስል አድርጉ። ጥቁር በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት እርምጃ አውጥቶ አስበልቶታል፤ እናንተ ደግሞ ንጉሣችሁን አስጠብቃችሁ፣ ጳጳሳችሁ c4 ላይ እንደቆመ ትቀጥላላችሁ።