ኢተሬሽኑ ረጋ ማለት መልሱ ልክ ነው ማለት አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ የኤሌክትሪካል ተማሪዎችን ሎድ ፍሎው፣ ማለትም በኔትወርክ ውስጥ የቮልቴጅና የኃይል ፍሰት ስሌት፣ ሳስጠና ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ። የሚያሳስበኝ ደግሞ ፕሮግራሙ ስለእነዚህ ስህተቶች ምንም ሳይናገር መልስ መስጠቱ ነው።

ባለ ሁለት ባስ ኔትወርክ እንውሰድ። ባስ 1 ስላክ ነው፤ ማለትም ቮልቴጁ አስቀድሞ የታወቀና የሚያስፈልገውን ኃይል የሚልክ ባስ ነው፤ ቮልቴጁ 1 ፐር ዩኒት ነው። ባስ 2 ላይ የከተማዋን ኢንዱስትሪ ፓርክ የመሰለ ጭነት አለ እንበል፤ 50 ሜጋ ዋት እና 20 ሜጋ ቫር። ቁጥሮቹ ለልምምድ የመረጥኳቸው ናቸው። ቤዙ 100 ሜጋ ቮልት አምፔር ነው። የመስመሩ ኢምፒዳንስ 0.02 + j0.06 ፐር ዩኒት ነው። ማትላብ ላይ ጋውስ-ሳይደል ይህን ብቻ ይፈልጋል፦

```
S2 = -0.5 - 0.2i;
z = 0.02 + 0.06i;
V2 = 1;
for k = 1:10
  V2 = 1 + z*conj(S2/V2);
end
```

የመጀመሪያው ዙር 0.978 − j0.026 ይሰጣል። ሁለተኛው 0.9768 − j0.0260 ላይ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ለውጡ ኢምንት ነው። የቮልቴጁ መጠን 0.977 ላይ ይረጋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

የጭነቱን ምልክት መርሳት። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ወደ ባሱ የሚገባ ኃይል ነው። ጭነት ግን ከባሱ ይወስዳል፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ነው። ፖዚቲቭ ካስገባችሁ ቮልቴጁ 1.021 ይሆናል። ጭነት ተሸክሞ ከስላኩ በላይ የወጣ ቮልቴጅ ካያችሁ ወዲያው ተጠራጠሩ።

ኃይሉን ኮንጁጌት አለማድረግ። ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። ቮልቴጁን ኮንጁጌት አድርጋችሁ `S2`ን እንዳለ ብትተዉት፣ ስሌቱ ጭነቱን እንደ ካፓሲተር ይቆጥረዋል። ሪአክቲቭ ኃይል የሚወስደው ጭነት ሰጪ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስሌቱም ያለ ችግር 1.001 ላይ ይረጋል። ቁጥሩ ጤነኛ ስለሚመስል ማንም አይጠይቀውም።

ኤክሴል ላይ `i` እና `j` መቀላቀል። `COMPLEX` ካልነገራችሁት `i` ይጠቀማል። አንዱን ሴል በ`j` ከጻፋችሁ `IMDIV` እና `IMPRODUCT` `#VALUE!` ይላሉ። ይሄኛው ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል።

ቮልቴጁ ስለረጋ ብቻ ማቆም። ወደ ስላኩ ተመለሱና የሚልከውን ኃይል አስሉ። በትክክለኛው መልስ 50.6 ሜጋ ዋት እና 21.8 ሜጋ ቫር ይልካል። 0.6 ሜጋ ዋቷ መስመሩ ላይ በሙቀት መልክ የምትጠፋ ናት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዋቱን ብቻ አይቶ ያልፋል። ኮንጁጌቱ በተረሳበት ስሌትም ዋቱ 50.6 ነው! ቫሩ ግን −18.3 ይሆናል፤ ጭነቱ ወደ ስላኩ ሪአክቲቭ ኃይል እየላከ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቫሩን ሳታዩ ወረቀቱን አታስረክቡ።