የፋሲካ ሜኑ «ጣት የሚያስቆረጥም» ሳይባል እንዴት ይጻፋል?

ፋሲካ ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ምግብ ቤቶች ደጃፍ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አንብቡት። «ጣት የሚያስቆረጥም ዶሮ ወጥ፣ ተወዳዳሪ የሌለው ጣዕም፣ ልዩ መስተንግዶ።» ሦስት ቤት አልፋችሁ ብታነቡም ያው ነው። የጻፋችሁት ነገር ለጎረቤት ምግብ ቤትም የሚሆን ከሆነ ሰርዙት። መፈተኛው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ማድ ቤት ግቡ። የሚጻፈው ነገር ያለው እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ላግዝ ገብቼ ወጥ ሠሪዋን «እትዬ፣ የእርስዎ ዶሮ ከሌላው በምን ይለያል?» አልኳቸው። «ምን ይለያል ልጄ፣ ያው ዶሮ ነው» አሉኝ። ጥያቄዬ ነበር ጥፋቱ። ባለሙያ እጇ የለመደውን ነገር እንደ ልዩ አትቆጥረውም። «ሽንኩርቱን እንዴት ነው የሚያቁላሉት?» ስላቸው ግን ወሬው ተከፈተ፦ «ያለ ዘይት ነው የምጀምረው፣ ቀስ ብዬ። ሽንኩርቱ በደንብ ካልበሰለ ወጡ አይያያዝም፣ ውሃው ለብቻው ይሄዳል።» ማስታወቂያው ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ጣዕሙ አትጠይቁ፤ ምን እንደሚሠሩ፣ ከምን እንደሚጀምሩ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚጨምሩ ጠይቁ።

ከሰማችሁት ሁለት ነገር ብቻ ምረጡ። ሁሉንም ከጻፋችሁት የምግብ አሠራር መመሪያ ይሆናል። አንድ የአሠራር ነገር፣ አንድ ደግሞ ገበታው ላይ የሚታይ ነገር ይበቃል። ከእትዬ ወሬ የወጣው እንዲህ ነበር፦

«ዶሮ ወጥ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ የተቁላላ፣ ንጥር ቅቤና መከለሻ የገባበት። ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል። ሙሉ ዶሮ ላዘዘ 12ቱም ብልት ይቀርባል።»

«ጣፋጭ» የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ቀስ ብሎ የተቁላላ ሽንኩርት ምን እንደሚሸት እዚህ አገር የማያውቅ የለም፣ አንባቢው ራሱ ይጨርሰዋል። «12ቱም ብልት» ሲባል ደግሞ ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን የሚለው የቤት ወግ አብሮ ይመጣል።

ያልሆነውን አትጻፉ። በጉ በእርግጥ ከጮቄ አካባቢ የመጣ ከሆነ ጻፉት፣ ያምራል። ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ «የበግ ጥብስ» በሉና እለፉ። የፈረንጅ ዶሮ ገዝቶ የሐበሻ ብሎ መጻፍ ደግሞ የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ይጋለጣል፤ ሥጋው ይናገራል። ድፎ ዳቦውም በኮባ ካልተጋገረ ኮባን አታንሱ።

ጊዜውን ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማስታወቂያው የሚወጣው ሰው እየጾመ ነው፤ የ55 ቀኑን ጾም ይዞ ሰሙነ ሕማማት ላይ የደረሰ ሰው ቅባቱ የሚንጠባጠብ ሥጋ ፎቶ ስታሳዩት ደስ አይለውም፣ ስቅለት ዕለት ከሆነማ ያስቀይማል። እኔ የምመክረው ከሆሳዕና በፊት መለጠፍ፣ ፎቶ ካስፈለገ የድፎ ዳቦውን ማድረግ፣ ስቅለት ዕለት ምንም አለመጻፍ ነው። ሰላምታውም «እንኳን አደረሳችሁ» አይደለም፣ በዓሉ ገና ነው፤ «በሰላም ያድርሰን» ይበቃል።

ለማን እንደምትጽፉ አስቡ። ፋሲካ ዕለት ሰው ቤቱ ነው የሚበላው። ምግብ ቤት የሚመጣው ከቤተሰቡ የራቀ ተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መንገድ ላይ ያለ ሾፌር ነው። ወጡን አሠርቶ ቤቱ የሚወስድም አለ። ስለዚህ ብቻውን ለሚመጣ የአንድ ሰው ዋጋ፣ ለሚወስድ ደግሞ የሙሉ ዶሮ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ጾም ለሚፈታ ሆድ ተልባ አዘጋጅታችሁ ከሆነ ከዶሮው በፊት ጻፉት፤ አንድ መስመር ነው፣ ግን ቤቱ አስቦልኛል ያሰኛል።

ምግቡ ከአራት ዓይነት አይብለጥ። 15 ዓይነት ከተዘረዘረ የትኛው የበዓል እንደሆነ አይታወቅም።

ከመለጠፋችሁ በፊት አስተናጋጁ ጮክ ብሎ ያንብበው። ለደንበኛ በአፉ ሊለው የሚያፍርበት ቃል ካለ አውጡት። ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ የሚደወለውን ስልክ አዳምጡ፦ ሦስት ሰው «ሙሉው ለስንት ሰው ይበቃል?» ካለ፣ ያ ነገር ወረቀቱ ላይ የለም ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ጨምሩት። ትእዛዝ የሚዘጋበትን ቀንም ጻፉ፣ ሐሙስ ማታ ብትሉ ዶሮውን ለመግዛት ጊዜ ታገኛላችሁ። የያዛችሁት ዶሮ በትእዛዝ ካለቀ ያኔውኑ «ዶሮ አልቋል፣ በግ አለ» ብላችሁ ቀይሩት።